ቬራፓሚል ደረጃ 2 ላይ ነው የሚሠራው ካልን ኪውቲ ለምን አይነካም? የልብ ምት መድኃኒቶችን ክላስ ስለማስታወስ የተከፈተ ክር

ለፈተና እየከለሳችሁ ላላችሁ ሁሉ ሰላም። የልብ ምት መዛባት መድኃኒቶችን አራት ክላሶች የማስታውሰው «ሶቤፖካ» በምትል ቃል ነው። ሶዲየም፣ ቤታ፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም። ክላስ 1 የሶዲየም ቻናልን ይዘጋል፤ ክላስ 2 የቤታ ተቀባዮችን፤ ክላስ 3 የፖታሲየም ቻናልን፤ ክላስ 4 የካልሲየም ቻናልን። ከቃሏ ጎን አራት ቁጥሮች አስቀምጣለሁ፤ 0፣ 4፣ 3፣ 2። እያንዳንዱ ክላስ የሚነካው የአክሽን ፖቴንሻል ደረጃ ማለት ነው። ከዜሮ ይነሳል፣ 4 ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ታች ይቆጥራል። 1 የለችም፤ ከአራቱ ክላሶች ደረጃ 1ን ዒላማው ያደረገ ስለሌለ።

ይህች ዘዴ ብዙ ጊዜ ጠቅማኛለች። አንድ ቦታ ላይ ግን ከኢሲጂው ጋር አልገጥም ትለኛለች። ክላስ 1 ደረጃ 0ን ያዘገያል፤ ኪውአርኤስ ይሰፋል። ገባኝ። ክላስ 3 ደረጃ 3ን ያስረዝማል፤ ኪውቲ ይረዝማል። እሱም ገባኝ። የክላስ 4ቱ ቬራፓሚል ደረጃ 2 ላይ የሚገባውን ካልሲየም ከቀነሰ ግን የዚያ ደረጃ ጠፍጣፋ መስመር ማጠር አለበት፤ ኪውቲም አብሮ ማጠር አለበት። ኢሲጂው ላይ የማየው ሌላ ነው። ኪውቲ ባለበት ይቆያል፣ የሚረዝመው ፒአር ነው። ቁጥሯ ናት የተሳሳተችው ወይስ የጎደለ ነገር አለ?

ከዚህ በኋላ ክሩ ረዘመ። አንዳንዱ መልስ ሁለት ገጽ ይሞላል፤ አንዳንዱ ሁለት ቃል ነው። ኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲቀልለት በተራ ቁጥራቸው እየሄድኩ በራሴ አባባል አስቀምጫቸዋለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው ከአንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። ቃሏን እንደወደደቻት ገልጻ አመሰገነች። ክላስ 2ን የምታውቀው በስማቸው መጨረሻ እንደሆነም ጨመረች፤ ፕሮፕራኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ አቴኖሎል፣ ሁሉም «ሎል» ብለው ያልቃሉ። ሶታሎልም በ«ሎል» አልቆ ሳለ ለምን ክላስ 3 ውስጥ እንደሚጻፍ ግን ጠየቀች። ይህን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ማንም አላነሳላትም።

2ኛው ፋርማሲ የሚማር ልጅ ነው። ቁጥሯ ልክ ናት አለ። ቬራፓሚል በእርግጥ ደረጃ 2ን ያሳጥራል፤ ኪውቲም ያጥራል፤ ነገር ግን ለውጡ በጣም ትንሽ ስለሆነ ወረቀት ላይ አይታይም የሚል ነው ሐሳቡ። ስለ ፒአር ምንም አላለም። ቬራፓሚል በላቦራቶሪ ለብቻው በተወሰደ የቬንትሪክል ጡንቻ ላይ ያን ጠፍጣፋ መስመር ዝቅ እንደሚያደርገው መናገሩ ትክክል ነው። ቀሪውን 3ኛው መልስ አስተካከለለት።

3ኛውን የጻፉት ፋርማኮሎጂ ለብዙ ዓመታት እንዳስተማሩ የገለጹ ሰው ናቸው። የክሩ ምርጥ መልስ የሳቸው ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ችግሩ ከቁጥሯ በፊት ይጀምራል አሉ። ሁላችንም በቃላችን የያዝነው ሥዕል የቬንትሪክል ጡንቻ ሴል ሥዕል ነው። ልብ ውስጥ ግን አንድ ዓይነት አክሽን ፖቴንሻል ብቻ አይደለም ያለው። የኤስኤና የኤቪ ኖድ ሴሎች ሥዕላቸው ሌላ ነው። የጡንቻው ሴል ወደ 90 ሚሊቮልት ከዜሮ በታች ወርዶ ያርፋል፤ ከዚያ ሶዲየም በአንድ ጊዜ ሲገባ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የኖዱ ሴል ያን ያህል አይወርድም። 60 አካባቢ ይደርስና ሳያርፍ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይንፏቀቃል። በዚያ ቮልቴጅ ላይ ፈጣኑ የሶዲየም ቻናል አብዛኛው ከሥራ ውጭ ነው። ስለዚህ በኖዱ ውስጥ ደረጃ 0ን የሚያስነሳው ካልሲየም ነው። መስመሩም ቀጥ ያለ ሳይሆን ጋደል ያለ ነው። ደረጃ 1 የሚባል የለም፤ እውነተኛ ደረጃ 2ም የለም።

እንግዲህ ቬራፓሚል ኤቪ ኖድ ሲደርስ የሚያገኘው ደረጃ 0ን ነው። ያዘገየዋል። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ምልክት ኖዱን ለማለፍ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ይህ ኢሲጂው ላይ ፒአር ሆኖ ይወጣል። መምህሩ ሁለት ነገር ጨመሩበት። አንደኛ፣ ቬራፓሚል የሚይዘው የተከፈተን ወይም በቅርቡ የሠራን ቻናል ነው። የኖድ ሴል ደግሞ ከፍ ባለ ቮልቴጅ ላይ ስለሚኖር ከጡንቻው ይልቅ ለመድኃኒቱ የተጋለጠ ነው። ምቱ በፈጠነ ቁጥርም የበለጠ ይይዛል። ሁለተኛ፣ ኪውቲ ባለበት የሚቆየው ለውጡ ስላነሰ ብቻ አይደለም። ቬራፓሚል ሴሉን ወደ ዕረፍቱ ከሚመልሱት የፖታሲየም ቻናሎች አንዱንም ይዘጋል። ካልሲየም መቀነሱ ያሳጥራል፣ ፖታሲየም መዘጋቱ ያስረዝማል፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይሰራረዛሉ። የፋርማሲው ልጅ እዚሁ ላይ አንዲት አጭር ምስጋና አስፍሯል።

4ኛው ላይ ክሩ መንገድ ሳተ። አንድ ሰው ጥያቄውን የሕክምና ምክር መስሎት ገባ። ልቡ በድንገት እየፈጠነ ስላስቸገረው ቬራፓሚል ታዞለታል። ልቡ ተረጋግቷል፤ ሆዱ ግን ክፉኛ ደርቆበታል። ፒአር ይረዝማል የሚለውን ሲያነብ ደንግጦ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ሊያቆም እንደሆነ ጻፈ።

5ኛው አንዲት ፋርማሲስት ናት፤ መልሷ ትህትና ያለው ነበር። በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም ለመነችው፤ ላዘዘለት ሐኪም ደውሎ እንዲነግር መከረችው። የሆድ ድርቀቱ የታወቀ የቬራፓሚል ጠባይ እንደሆነ፣ የአንጀት ለስላሳ ጡንቻም በዚያው ዓይነት የካልሲየም ቻናል ስለሚሠራ እንደሚቀዘቅዝ አስረዳችው። መጠነኛ የፒአር መርዘም ከመድኃኒቱ የሚጠበቅ ነው፤ ማዞር ወይም ራስን መሳት ካለ ግን ቀጠሮ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም። በተጨማሪ ቤታ ብሎከርም ይወስድ እንደሆነ ጠየቀችው። ሁለቱም ኤቪ ኖድን የሚያዘገዩ ስለሆኑ ሲደራረቡ ምቱ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ሰውየው እንደማይወስድ መልሶ አመስግኖ ወጣ። እንደኔ እምነት ከጥያቄው ወጣ ብሎም ክላስ 2 እና ክላስ 4 የሚገናኙበትን ቦታ ከማንም ቀድማ ያሳየችው እሷ ናት።

6ኛው መልስ ስለታም ነው። የልብ ሕክምና ስፔሻሊቲ እየተማረ ያለ ሐኪም ሲሆን እንዲህ ያሉ ቃላት ተማሪን ሰነፍ ያደርጋሉ ባይ ነው። አሚዮዳሮን አራቱንም ክላስ ይነካል፤ አዴኖሲንና ዲጎክሲን የትም አይገቡም፤ ታዲያ ምደባው ራሱ ለምን ያስፈልጋል? በሱ አስተያየት ሰው ከቃሏ ይልቅ ቻናሎቹን አንድ በአንድ ማጥናት አለበት። በመጨረሻ ሶቤፖካን የሚሸመድድ ሰው አልጋ አጠገብ በሽተኛ ይጎዳል ብሎ ጨመረ፤ ይህኛው ብዙ ሰው አስቆጣ።

7ኛው ለዚያ የተሰጠ መልስ ነው፤ እሱም አልለዘበም። ጸሐፊዋ ታሪኩን አስታወሰችው። ቮን ዊሊያምስ ምደባውን እ.ኤ.አ. በ1970 ሲያቀርብ ያኔ የነበሩትን መድኃኒቶች በድርጊታቸው ለመለየት ነበር፤ ካልሲየም በራሱ ክላስ የተቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። የተመደበውም ድርጊቱ ነው። ስለዚህ አንድ መድኃኒት ሁለትና ሦስት ድርጊት ቢኖረው ምደባውን አያፈርሰውም። አሚዮዳሮን አራቱንም ይነካል ለማለት ራሱ አራቱን ክላሶች መጠቀም ግድ እንደሆነበትም ጠቆመችው። ነጥቧ ትክክል ነው፤ ድምፀቷ ግን ቀዝቀዝ ቢል ጥሩ ነበር። ሁለቱ ትንሽ ተሰዳደቡ፤ ያን እዘለዋለሁ።

8ኛው ዘዴዋን ያዳናት ነው። አንድ ዝምተኛ ተሳታፊ፣ ስለራሱ ምንም ሳይል፣ መምህሩ ያሉትን ወደ ማስታወሻ ቀየረው። ሶቤፖካ እንዳለች ትቀመጥ። 0፣ 4፣ 3፣ 2 ግን በአንድ መስመር አይጻፉ። ጎዶሎዎቹ ክላሶች፣ 1 እና 3፣ የጡንቻውን ሥዕል ይይዛሉ። ጥንዶቹ፣ 2 እና 4፣ የኖዱን። ከዚያ ቁጥሩን እንደገና አንብቡት። ክላስ 1 የጡንቻው ደረጃ 0፤ ኪውአርኤስ። ክላስ 3 የጡንቻው ደረጃ 3፤ ኪውቲ። ክላስ 2 በዋናነት የኖዱ ደረጃ 4፤ ያ የሚንፏቀቀው መስመር ይበልጥ ቀስ ብሎ ይወጣና ምቱ ይዘገያል። ክላስ 4 የኖዱ ደረጃ 0፤ ፒአር። ቤታ ብሎከር በኤቪ ኖድ በኩል ፒአርንም ያስረዝማል። ስለዚህ ጥንዶቹን ስናስብ ፍጥነትና ፒአር፣ ጎዶሎዎቹን ስናስብ ኪውአርኤስና ኪውቲ። የመጨረሻዋ 2 በ0 ተተካች ማለት ነው። 0፣ 4፣ 3፣ 0። እኔ ከዚያ ወዲህ የምጽፋት እንዲህ ነው፤ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን፣ በያንዳንዱ ሥር ሁለት ክላስ።

ይህ ለፈተና ብቻ የሚሆን ጨዋታ እንዳልሆነ ያሳየው 9ኛው ነው። ልብ ሕሙማን ክፍል የምትሠራ ነርስ ያየችውን አካፈለች። አንድ በሃምሳዎቹ ያለ ሰው ኤትሪያል ፍላተር ይዞት ገብቷል። ምቱ በደቂቃ 150፣ እኩል የሚመታ፣ ኪውአርኤስ ጠባብ። ሰውየው ደህና ነው፤ ይናገራል፣ ይቀልዳል። ምቱን ወደ ተፈጥሯዊው ለመመለስ ፍሌካይናይድ በአፍ ተሰጠው። ብቻውን። ጥቂት ቆይቶ ሞኒተሩ ጮኸ። ምቱ 210፣ ኪውአርኤስ ሰፊ፣ ሰውየው አልቦታል፣ የደም ግፊቱ ወርዷል። ሁሉም ሰው ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ ነው አለ። በኤሌክትሪክ ንዝረት መለሱት፤ ተረፈ። እስካሁን ያልገባት ነገር ቢኖር፣ ምት ለማረጋጋት የተሰጠ መድኃኒት ምቱን እንዴት እንደሚያፈጥን ነው።

10ኛው መልስ የመምህሩ ነው። በቁጥር አስረዱ። ፍላተር ውስጥ ኤትሪየሙ በደቂቃ 300 ያህል ጊዜ ይዞራል። 60,000 ሚሊሰከንድ ለ300 ሲካፈል በየ200 ሚሊሰከንዱ አንድ ምልክት ኤቪ ኖድ በር ላይ ይደርሳል ማለት ነው። የዚህ ሰው ኖድ አንዱን ካሳለፈ በኋላ ለሚቀጥለው ለመዘጋጀት 270 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል እንበል። 200 አይበቃውም። ስለዚህ አንዱን ያሳልፋል፣ አንዱን ይመልሳል። 300 ለሁለት፣ 150። ሰውየው ሲገባ የነበረው ምት ይኸው ነው። ኖዱ እንደ ጥሩ ዘበኛ ግማሹን በር ላይ እየመለሰ ነበር።

አሁን ፍሌካይናይድ ገባ። ክላስ 1 ነው፤ ጎዶሎ ነው፤ የሚይዘው ጡንቻውን ነው። የኤትሪየሙን ደረጃ 0 አዘገየው፤ ዙሩ ከ300 ወደ 210 ወረደ። 60,000 ለ210 ሲካፈል 286 ሚሊሰከንድ። ኖዱ የሚፈልገው 270 ነበር፤ ኖዱን ደግሞ ማንም አልነካውም። እንግዲህ ሁሉንም ያሳልፋል። ኤትሪየሙ ቀዘቀዘ፣ ቬንትሪክሉ ግን ከ150 ወደ 210 ፈጠነ። መድኃኒቱ የተባለውን ሥራ በትክክል ሠርቷል። የጎደለው ጥንዱ ነው። ለዚህ ነው ለፍላተር ወይም ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን ፍሌካይናይድ ወይም ፕሮፓፌኖን ሲሰጥ ኖዱን የሚይዝ ቤታ ብሎከር ወይም ዲልቲያዜም ወይም ቬራፓሚል ቀድሞ የሚታዘዘው። መምህሩ ለነርሷ አንድ ነገር አስረግጠው ነገሯት። ኪውአርኤሱ ሰፍቶ ግፊቱ በወረደ ሰው ላይ ምክንያቱን ቆሞ መመርመር አይገባም፤ የክፍሉ ሰዎች በንዝረት መመለሳቸው ትክክል ነበር። ጥርጣሬውን የሚያመጣው ከኋላ ያለው ታሪክ ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት የነበረ ፍላተር፣ አዲስ የተጀመረ ፍሌካይናይድ፣ እና ወደ 200 አካባቢ የሆነ እኩል ምት።

11ኛው አጭር ነው፤ ግን ብልህ። 1 ለ 1 ማለፉ ገብቶታል፤ ኪውአርኤሱ ለምን ሰፋ? የታችኛው ክፍል ጡንቻ ከመነሻው ጠባብ ኪውአርኤስ ነበረው እኮ።

12ኛው ላይ ስድስተኛው ሐኪም ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ንዴት የለበትም። ክላስ 1 በሦስት የሚከፈለው በዋናነት መድኃኒቱ ከሶዲየም ቻናሉ ላይ በሚለቅበት ፍጥነት እንደሆነ አስረዳ። ሊዶካይንና ሜክሲሌቲን፣ 1ቢዎቹ፣ ቶሎ ይለቃሉ። አንዱ ምት አልፎ ሌላው እስኪመጣ ቻናሉ ነፃ ስለሚሆን ጤነኛ ጡንቻ ላይ ኪውአርኤስ አይሰፋም። ፍሌካይናይድና ፕሮፓፌኖን፣ 1ሲዎቹ፣ ለመልቀቅ ብዙ ሰከንዶች ይወስዳሉ። ምቱ ሲፈጥን በምቶቹ መካከል ያለው ዕረፍት ያጥራል፤ የተያዘው ቻናል ሳይፈታ ሌላ ይያዛል፤ እየተከማቸ ይሄዳል። የነርሷ በሽተኛ 210 ላይ ኪውአርኤሱ የሰፋው ለዚህ ነው። ኩዊኒዲንና ፕሮካይናማይድ፣ 1ኤዎቹ፣ መካከል ላይ ናቸው፤ ፖታሲየምንም ስለሚዘጉ ኪውቲን ያስረዝማሉ። ከዚያ ሁላችንንም የሚያስደስት ነገር አደረገ። ቃላት ተማሪን ያሰንፋሉ ያለው ሰው ራሱ አንዲት ማስታወሻ ጣለልን። 1ቢ፣ ቢይዝም ይለቃል። 1ሲ፣ ሲይዝ አይለቅም። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

እግረ መንገዱን የ1ሲን ገደብም ነገረን። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የካስት ጥናት የልብ ጡንቻቸው በደም እጥረት የተጎዳባቸውንና ከቬንትሪክል የሚነሱ ተጨማሪ ምቶች ያሏቸውን ሰዎች ነበር የወሰደው። ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ ተጨማሪ ምቶቹን አጠፉ፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ግን ባዶ ክኒን ከወሰዱት በበለጠ ሞቱ። ጠባሳ ባለበት ጡንቻ ውስጥ ምልክቱን በጣም ማዘግየት ለአዲስ ዙር መንገድ ይከፍታል። ከዚያ ወዲህ የልብ ጡንቻ ሞት ላጋጠመው ሰው 1ሲ አይታሰብም።

13ኛው እና 14ኛው ከጉዳዩ ወጡ። አንዱ ካርድ ላይ ጽፎ ማጥናት ይሻላል አለ፤ ሌላው መሣል ይሻላል አለ። ተከራከሩ። አንድ ሦስተኛ ሰው ይህ ክር ስለ መድኃኒት ነው ብሎ ቆጣ አለ፤ እነሱም ዝም አሉ። በነገሩ ሐሳቤን ልጨምር፤ ሁለቱን አክሽን ፖቴንሻሎች ከባዶ ወረቀት ላይ በእጁ መሣል ያልቻለ ሰው ሶቤፖካ ብቻዋን ብዙ ርቀት አትወስደውም።

15ኛው የጎዶሎና ጥንዱን ዘዴ ሊፈትን የመጣ ነው። የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ናት። ከኤቪ ኖድ ሌላ ተጨማሪ መተላለፊያ ይዞ የተወለደ ሰው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ቢይዘው፣ ምቱም ያልተስተካከለ፣ ሰፊና በጣም ፈጣን ቢሆን፣ ዘዴዋ ምን ትላለች? ራሷ መለሰችው። ያ ተጨማሪ መተላለፊያ የጡንቻ ክር ነው፤ የሚነሳው በሶዲየም ነው። ስለዚህ የሚይዘው ጎዶሎ ነው፤ ሰውየው የተረጋጋ ከሆነ ፕሮካይናማይድ፣ ካልተረጋጋ ንዝረት። ቬራፓሚል ቢሰጠው ኖዱን ይዘጋል፤ መተላለፊያውን አይነካም፤ ግፊቱንም ያወርዳል፤ ምልክቱ ሁሉ በዚያ ክፍት መንገድ ይወርዳል። ቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን ሊያስከትል ይችላል። ዘዴዋ አለፈች ብላ ጻፈች። እኔም ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ማስታወሻው ያልተነገረን ነገር ሲያስገምተን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

16ኛው ግን ያንን ደስታ ትንሽ ቀነሰው። ስድስተኛው ሐኪም እንደገና መጣ። ጥንዶቹ ኖድ ብቻ ከሆኑ፣ መዋቅሩ ጤነኛ በሆነ ልብ ውስጥ ከግራ ቬንትሪክል ፋሲክል የሚነሳው ታኪካርዲያ ለምን በቬራፓሚል ይቆማል? ያ ቬንትሪክል ነው። መምህሩ መለሱ፤ የዚያ ዙር አንዱ ክንድ በከፊል የተዳከመ የፐርኪንጄ ሕብረ ሕዋስ ነው፤ ቮልቴጁ ከፍ ያለ ስለሆነ እንደ ኖድ በካልሲየም ይመራል የሚል ማብራሪያ እንዳለ ነገሩት። ሐኪሙ ማብራሪያውን ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም። ሁለቱም የተስማሙበት ነገር ግን አለ። ምንነቱ ያልታወቀ ሰፊ ኪውአርኤስ ላለበት ታኪካርዲያ፣ ይህ ልዩ ዓይነት ይሆናል ብሎ ቬራፓሚል መስጠት አደገኛ ነው።

17ኛው በመጨረሻ የመጀመሪያዋን ተማሪ አስታወሳት። ፋርማሲስቷ ናት። ሶታሎል በ«ሎል» የሚያልቀው በእርግጥ ቤታ ብሎከር ስለሆነ ነው፤ ክላስ 3 ውስጥ የሚጻፈው ደግሞ ፖታሲየምንም ስለሚዘጋ ነው። ጥንድም ጎዶሎም ነው። ስለዚህ ምቱንም ያዘገያል፣ ኪውቲንም ያስረዝማል። ክፋቱ ሁለቱ መደጋገፋቸው ነው፤ ምቱ በዘገየ ቁጥር የፖታሲየም መዘጋቱ ውጤት ይበልጥ ይጎላል። ስለዚህ ሲጀመር ኪውቲን፣ የኩላሊት ሥራንና የደም ፖታሲየምን መከታተል ግድ ነው። ተማሪዋ ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳ አመሰገነቻት።

18ኛው ስለ አዴኖሲንና ዲጎክሲን ነው፤ ሳይመለስ የቀረው የስድስተኛው ጥያቄ። መምህሩ እ.ኤ.አ. በ2018 የኦክስፎርድ ቡድን ያወጣውን የተሻሻለ ምደባ ጠቀሱ። እዚያ ላይ ክላስ 2 ከቤታ ብሎከር አልፎ የራስ-ሰር ነርቭ ሥርዓትን የሚነኩትን ሁሉ ይይዛል፤ አዴኖሲንና ዲጎክሲን እዚያ ገብተዋል። የኖዱን ደረጃ 4 የሚያንፏቅቀውን ፍሰት በቀጥታ የሚይዘው ኢቫብራዲን ደግሞ ክላስ 0 ተብሎ ከፊት ተቀምጧል። 0 ጥንድ ነው፣ 2ም ጥንድ ነው፤ ሦስቱም መድኃኒቶች ኖድ ላይ ናቸው። 8ኛውን የጻፈው ዝምተኛ ሰው ይህን ሲያይ ብቅ ብሎ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ጥሎ ሄደ። የኦክስፎርዱ ምደባ ከዚያ በላይ እስከ ክላስ 7 ይሄዳል፤ እዚያ ላይ ጎዶሎና ጥንዱ መሥራቱን ያቆማል።

ክፍት የቀረው አሚዮዳሮን ነው። ኪውቲን በደንብ ያስረዝማል፤ እንደ ሶታሎልና ዶፌቲላይድ ግን ቶርሳድ የሚባለውን አደገኛ የቬንትሪክል ምት መዛባት አያበዛም። አንዱ አራቱን ክላስ በአንድ ላይ ስለያዘ ነው አለ፤ ሌላው የሴሎቹን የመመለሻ ጊዜ እኩል ስለሚያስረዝም ነው አለ። ሁለቱም ለሐሳባቸው የሚሉት አላቸው። ሐሳብ ያለው 19ኛው ላይ ይጻፍ።